ተሽሯል፣ ፈርሷል፣ ተሰርዟል

አማርኛችን ቃልን በጥንድ ማስኬድ ይወዳል። ቤትን ብቻውን አይጠራውም፤ «ቤት ንብረት» ይለዋል። ዘርንም እንዲሁ «ዘር ማንዘር» ብሎ ጓደኛ ያስከትልለታል፤ «ማንዘር» የተባለው ግን ከዘር ተለይቶ ብቻውን ቢቆም ትርጉም የለውም፤ ለዜማ የመጣ አጃቢ ነው። በጨዋታ፣ በልቅሶና በምርቃት ጊዜ ይህ ልማድ ንግግርን ያሳምራል እንጂ ማንንም አይጎዳም። ወደ ውልና ወደ ውክልና ወረቀት ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ስፍራ የተጻፈ ቃል ሁሉ አንድ ቀን በዳኛ ፊት ቆሞ ስለ ምን እንደ መጣ ሊጠየቅ ይችላልና።

በጥንድ መጻፍ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። የእንግሊዝ ሕግ ጸሐፊዎች አንድን ነገር ዋጋ የለውም ለማለት ሲፈልጉ «ናል ኤንድ ቮይድ» ይላሉ፤ ሁለቱም ቃላት ያው ዋጋ ቢስ ማለት ናቸው። ልማዱ የመጣው ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ነው፤ የገዢው ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የሕዝቡ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለ ነበረ ጸሐፊው ለሁለቱም እንዲገባ ሁለቱን ቃል አጣምሮ ይጽፍ ነበር እየተባለ ይነገራል። ይህ ምክንያት ለአንዳንዱ ጥንድ ቢስማማም ለ«ናል ኤንድ ቮይድ» አይሆንም፤ ሁለቱም ቃላት ከላቲን ዘር በፈረንሳይኛ በኩል የመጡ ናቸውና። እዚህ ላይ ማንም ለማንም አልተረጎመም፤ ልማድ ብቻ ነው። ዴቪድ ሜሊንኮፍ የተባለው አሜሪካዊ የሕግ ምሁር በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ ሕግ ቋንቋ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የመሰለውን ድርብርብ አጥብቆ ነቅፎታል።

የእኛን ጥንዶች የምንመረምርበት ሚዛን ግን ከእንግሊዞቹ የተለየ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ የተረቀቀውም በፈረንሳይኛ ነው። ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች ለእያንዳንዱ የሕግ ሐሳብ አንድ የአማርኛ ቃል መመደብ ነበረባቸው። ስለዚህ በአፍ ስንናገር እንደ መንትያ አንድ ላይ የሚሄዱት ቃላት በሕጉ ውስጥ ተለያይተው ለየራሳቸው ቤት ተሰጣቸው። እኛ ግን የአፍ ልማዳችንን ይዘን ዛሬም አንድ ላይ እንጽፋቸዋለን። እንግሊዙ ሁለቱን ቃል ሲጽፍ ቢበዛ ቀለሙን ያባክናል፤ እኛ ሁለቱን ስንጽፍ አንዳንድ ጊዜ ሁለት የተለያየ ነገር ማዘዛችን ነው።

ይህን በአንድ ጉዳይ ላሳይ። ብዙ ዘመን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ከሠራሁ በኋላ ጡረታ ወጥቼ የምኖረው በገፈርሳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ የከተማው ሰው ውሃ ከሚጠጣበት ግድብ አቅራቢያ ነው። ጎረቤቶቼ ወረቀት ሲያጋጥማቸው ወደ እኔ ማምጣት ለምደዋል። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ጎረቤቴ ሁለት ወረቀት ይዘው መጡ። እኒህ እናት በኮልፌ በኩል በአዲስ አበባ ክልል ውስጥ አንድ ቤት አላቸው፤ አራቱ ክፍሎች ለመኖሪያ፣ በመንገዱ በኩል ያለው አንዱ ደግሞ ለሱቅ ተከራይቷል። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱን በውክልና ሲያስተዳድሩ የቆዩት ወንድማቸው ነበሩ። አሁን ወንድምየው ዐይናቸው ደከመ፤ እርሳቸውም ውክልናውን ሽረው ለእህታቸው ልጅ ሊሰጡ አሰቡ። አንደኛው ወረቀት መሻሪያው፣ ሁለተኛው አዲሱ ውክልና ነው። ሁለቱንም ያዘጋጀላቸው አንድ የማመልከቻ ጸሐፊ ነበር፤ ማንበብ ስለማይችሉ ገና ምን እንደ ተጻፈ አላወቁም።

መሻሪያው እንዲህ የሚል ነበር፦ ለወንድሜ የሰጠሁት ውክልና «ተሽሯል፣ ፈርሷል፣ ተሰርዟል፤ ዋጋም የለውም»። አራት ቃል ለአንድ ነገር። ሳነብላቸው «ፈርሷል» ከሚለው ላይ ስደርስ ደነገጡ። በቤታቸው የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነውና በልባቸው ወደዚያው መልሰውት ኖሯል።

«ዲጋሜ ነው የምትለኝ? የሚፈርስ ቤት ነው እንጂ! ቤቴ ሊፈርስ ነውን?» አሉኝ።

«ቤቱ አይደለም እማማ፤ ወረቀቱ ነው» ብዬ አረጋጋኋቸው። ሳስበው ግን ድንጋጤያቸው ያለ ነገር አልነበረም። መፍረስ የተሠራ ነገር ከመሠረቱ እንዳልነበረ የሚሆንበት ቃል ነው፤ በሕጉም ውስጥ ያለው ትርጉም ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውል የሚፈርሰው ከመነሻው ጉድለት ሲኖርበት ነው፤ ይኸውም ፈቃድ በማታለል ወይም በማስገደድ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ተዋዋዩ ችሎታ የሌለው እንደ ሆነ፣ የውሉ ጉዳይ ሕግን ወይም ግብረ ገብን የሚቃወም እንደ ሆነ፣ ወይም ሕጉ ያዘዘው ፎርም ሳይጠበቅ የቀረ እንደ ሆነ ነው። ነገሩ የተያዘው በቁጥር 1808 ነው። ውል የሚሰረዘው ደግሞ ሲጀመር ደኅና ሆኖ ሳለ ኋላ አንደኛው ወገን ግዴታውን ሳይፈጽም ሲቀር ነው፤ ይህም ከቁጥር 1784 ጀምሮ ተጽፏል። ሁለቱም ቢሆኑ በቁጥር 1815 መሠረት ተዋዋዮቹን በተቻለ መጠን ውል ከመዋዋላቸው በፊት ወደ ነበሩበት ይመልሳሉ። ወደ ኋላ ይሄዳሉ ማለት ነው። መሻር ግን እንደዚህ አይደለም። ወካይ በወደደ ጊዜ ውክልናውን ለመሻር እንደሚችል ቁጥር 2226 ይፈቅድለታል፤ ሲሽርም ሥልጣኑ ከዚያ ወዲያ ይቆማል እንጂ ትናንት በደኅና ሥልጣን የተሠራው ሥራ አይነካም። ምክንያት መስጠት፣ ተወካዩን መክሰስ፣ በደል ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግዲህ ሦስቱ ቃላት ሦስት ልዩ ልዩ ጊዜ ይጠቁማሉ። ሲፈርስ ጥፋቱ ከልደቱ ነው፤ ሲሰረዝ ጥፋቱ በመንገድ ላይ የመጣ ነው፤ ሲሻር ግን ጥፋት ላይኖር ይችላል።

ይህ ልዩነት ለጎረቤቴ የመጻሕፍት ወሬ ብቻ አልነበረም። የሱቁ ተከራይ ከወንድምየው ጋር የሦስት ዓመት ውል የተዋዋለ ሲሆን የአራት ወር ኪራይ ሳይከፍል ቆይቷል፤ ነገሩም ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ተቃርቧል። አሁን እርሳቸው በገዛ አውራ ጣታቸው የወንድማቸው ውክልና «ፈርሷል» ብለው ቢያትሙ፣ ተከራዩ ያን ወረቀት አውጥቶ «ውክልናው ከመሠረቱ ፈራሽ መሆኑን ባለቤቲቱ ራሳቸው መስክረዋል፤ እንግዲያስ ያለ ሥልጣን ከተዋዋለኝ ሰው ጋር ያደረግሁት ውል አያስገድደኝም» ለማለት በር ይከፈትለታል። ዳኛው ይህን ክርክር ይቀበላል አልልም፤ በእኔ ግምት አይቀበልም። ቃሉ ከ«ተሽሯል» ጎን ለልማድ የተጻፈ መሆኑን ከሁኔታው ይረዳል። ነገር ግን ይህን እስኪረዳ ድረስ መልስ፣ የመልስ መልስ፣ ቀጠሮ ይከተላል፤ አንዲት ባልቴትም ከገፈርሳ እስከ ችሎቱ ስትመላለስ ትከርማለች። ጸሐፊው ያለ ሐሳብ የጨመራት አንዲት ቃል ዋጋዋ ይህ ነው።

ሌላም ነገር ነበር፤ ይህን ያስታወሱኝ እርሳቸው ናቸው። «ወንድሜ ይህን ሲሰማ ምን ይላል? ስድስት ዓመት አንድ ሳንቲም አልጎደለብኝም» አሉ። በእርግጥም «ተሰርዟል» የሚለው ቃል አንድ ሰው ግዴታውን አጎደለ የሚል ወቀሳ በውስጡ አለ። «ተሽሯል» ግን ሹመት ያለፈለትን ሰው ስንናገር የምንለው ነው፤ ሰው ያለ ነውር ይሻራል። ስለዚህ ሁለቱን ቃላት አውጥቼ ወረቀቱ እንዲህ እንዲል አደረግሁ፦ «ለወንድሜ ሰጥቼው የነበረው ውክልና ከዚህ ቀን ጀምሮ ተሽሯል። እስከዚህ ቀን ድረስ በውክልናው መሠረት የሠራው ሥራ የጸና ነው።» የቃሉ ቁጥር አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። ጥንድን መቁረጥ ወረቀትን ማሳጠር ማለት አይደለም፤ አንድ ቃል በሚገባው ቦታ ተተክሎ የቀረው ቦታ ለጎደለው ሐሳብ ይተርፋል ማለት ነው። ከ«ከዚህ ቀን ጀምሮ» የበለጠ የሚጠቅም ቃል በዚያ ወረቀት ላይ የለም፤ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ግን አራት ግሥ ሲደረደር እርሱ ተረስቶ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ወረቀት፣ ወደ አዲሱ ውክልና ስንሄድ የጥንዶቹ ብዛት ከፊተኛው ይብሳል። የእህታቸው ልጅ «ታከራይ ታስተዳድር፣ ትክሰስ ትከሰስ፣ ትሽጥ ትለውጥ፣ ትታረቅ ትስማማ» ይላል። ሲነበብ እንደ ምርቃት ነው፤ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ ላይ ቆመን ሕጉን መጠየቅ ይገባናል፤ ምክንያቱም ስለ ውክልና ሕጉ ቃል ይቆጥራል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ተወካዩን የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ንብረት መጠበቅ፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከዚህ ለሚያልፈው ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥን ወይም በመያዣ መስጠትን፣ ስጦታ ማድረግን፣ በግልግል ለመዳኘት መስማማትን፣ መታረቅን፣ በፍርድ ቤት መክሰስንና ለክስ መልስ መስጠትን ከሌሎች ጋር አንድ በአንድ ይጠራቸዋል።

በዚህ ሚዛን «ትክሰስ ትከሰስ» የሚለው፣ ለጆሮ ከሁሉ ይልቅ የዜማ ድርብ የሚመስለው፣ ፈጽሞ ድርብ አይደለም። መክሰስ አንድ ሥልጣን ነው፤ ሲከሰሱ መልስ መስጠት ሌላ ሥልጣን ነው፤ ሁለቱም በልዩ መጻፍ አለባቸው። አንድ ጎበዝ የቋንቋ አራሚ «ትክሰስ» ይበቃል ብሎ ሁለተኛውን ቢሰርዝ፣ ተከራዩ ቀድሞ በከሰሰ ጊዜ ልጅቱ በችሎት ቆማ መልስ ለመስጠት የምታሳየው ሥልጣን አይኖራትም። ስለዚህ ጥንዱን ጠብቄ ዜማውን ብቻ ፈታሁት፦ «ስለዚህ ቤት ክስ ታቀርብልኝ ዘንድ፣ በእኔ ላይ ለሚቀርበውም ክስ መልስ ትሰጥልኝ ዘንድ» ብዬ ጻፍሁ።

«ትሽጥ ትለውጥ» ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጅቱ ቤቱን እንድትሸጥ ፈቅደዋልን?»

«ማን? ምን አልህ? ቤቴን? እኔ ኪራይ እንድትሰበስብልኝ ነው ያልሁት!»

ጸሐፊውን ስለዚህ ጉዳይ ያዘዘው ሰው አልነበረም። የውክልና ወረቀት ሁሉ «ይሽጥ ይለውጥ» ሲል ስለሚያይ እርሱም ጻፈው፤ በክፋት አይመስለኝም። ይህ ጥንድ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ በአፋችን «ሸጬ ለውጬ» ስንል በንብረቴ እንደ ወደድሁ አዘዝሁ ማለታችን እንጂ ሁለት የተለያዩ ውሎችን መቁጠራችን አይደለም። በሕጉ ግን ሽያጭ በገንዘብ፣ ልውውጥ ዕቃ በዕቃ ሲሆን ሁለቱም ንብረትን ከእጅ የሚያወጡ ናቸው። ሕጉ ባለቤቱን ለመጠበቅ ሲል በልዩ እንዲጻፍ ያዘዘው ሥልጣን፣ በዜማ ኀይል ብቻ በአንዲት የኪራይ ሰብሳቢ ወረቀት ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ሁለቱንም ቃል አወጣሁ። በስፍራቸውም ሥልጣኑ መሸጥን፣ መለወጥንና በመያዣ መስጠትን እንደማይጨምር የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር አገባሁ። አንባቢ እንደሚያየው፣ በከለከልሁበት ቦታ «መሸጥንና መለወጥን» አብሬ መጻፌ ነው፤ ሲሰጡ አንዱ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ሲከለክሉ ግን ሁለቱንም መጥራት ይሻላል። «ትታረቅ ትስማማ» የሚለውን ደግሞ በአጭሩ «ባለቤቲቱን ሳትጠይቅ እንዳትታረቅ» ብለን ዘጋነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለሚቆረጠውና ስለሚፈታው ነው። ያለ ሥራ የቆሙ መስለው እንዲቆዩ የፈረድሁላቸው ጥንዶችም አሉ። ወረቀቱ የሚጀምረው «ወድጄና ፈቅጄ» በሚለው ነው። በሕግ ዐይን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ከዚህም በላይ ሰው ወድጄና ፈቅጄ ብሎ ስለ ጻፈ ተገድጄ ነበር ብሎ ከማስረዳት አይከለከልም። ስለዚህ ቢወጣ የሚጎድል ነገር የለም። ነገር ግን ቢቆይም የሚያጠፋው ነገር የለም፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ፤ አንደኛው ከሌላው ተለይቶ በሕጉ ውስጥ ሌላ ቤት አልተሰጠውም። ሰነድ ተቀባዩም ለዘመናት ለምዶታል፤ ባያየው ምን ጎደለ ብሎ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ለመንቀል መታገል የጊዜ ብክነት ነው።

«ተነቦልኝ፣ ሰምቼ፣ ተረድቼ» የሚለው ደግሞ ከዚህም የከበረ ምክንያት አለው። ለሚያነብ ሰው ሦስቱ አንድ ናቸው ሊባል ይቻል ይሆናል። ለማታነብ ሴት ግን መነበቡ የአንባቢው ሥራ፣ መስማቱና መረዳቱ የእርሷ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ያደረገው የጣት አሻራ በሹም ፊት ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድደው ሕጉ በቁጥር 1728 ያዛል። በኑዛዜ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ መነበቡና ቀኑ በወረቀቱ ላይ መጠቀስ እንዳለበት ቁጥር 881 አዝዟል። እዚያ «ተነበበ» የምትለውን አንዲት ቃል ለማሳጠር ሲል ያወጣ ሰው ኑዛዜውን በሙሉ አጠፋው ማለት ነው። በውክልና ላይ ሕጉ ይህን ያህል አይጨክንም፤ ቢሆንም ልማዱ ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነውና አልነካሁትም። «ተረድቼ» የሚለውን እንኳ ለመተው የወሰንሁት እማማ «ፈርሷል»ን ሰምተው ሳለ በሌላ ትርጉም መረዳታቸውን ካየሁ በኋላ ነው። መስማትና መረዳት አንድ አይደሉም ለካ።

ስለ ኦሮምኛው ካነሣሁ አይቀር፣ በእኛ አካባቢ ሁለት ቋንቋ መኖሩ ለዚህ ሥራ ጥሩ ወንፊት ነው። ገፈርሳ በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመው የሸገር ከተማ ውስጥ ናት፤ የመሥሪያ ቤቶቹ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። በቀድሞ ዘመን በአማርኛ የተጻፈ ውል ዛሬ ለጉዳይ ሲቀርብ ይተረጎማል። ተርጓሚው «ፈርሷል ተሰርዟል» ሲያገኝ «ዲጋሜራ፣ ሃቃሜራ» ብሎ ሁለት ቃል ይሰጠዋል፤ በአማርኛው እንደ ዜማ የተሰማው በኦሮምኛው ሁለት ትእዛዝ ሆኖ ይወጣል። ጥንድ ሲያጠራጥረኝ አንድ ጎረቤት ጠርቼ በቋንቋው እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። አንድ ቃል ብቻ ከመለሰልኝ ድርቡ ባዶ ነው፤ ሁለት ቃል ቢመልስልኝ ወደ ሕጉ እሄዳለሁ።

ቤቱ በአዲስ አበባ ስለሆነ ወረቀቶቹ ወደዚያው የሰነድ ማረጋገጫ ሄዱ፤ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ውክልናም ሆነ የውክልና መሻሪያ በዚያ ተረጋግጦ እንዲመዘገብ ያዛልና። በመስኮቱ የነበረው ወጣት ሠራተኛ መሻሪያውን አንብቦ «ዋጋ የለውም የሚለው የለም፤ ሌሎቹ ሁሉ አላቸው» አለ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ከዚያ ቀን በፊት ያየው ወረቀት ሁሉ እንደዚያ ስለሚል ነው። «ፈርሷል» በል ቢለኝ ኖሮ እከራከረው ነበር። «ዋጋ የለውም» ግን «ከዚህ ቀን ጀምሮ» በሚለው ጥላ ሥር ከገባ ማንንም ወደ ኋላ አይወስድም። ስለዚህ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ተሽሯል፤ ከዚህ ቀን በኋላም ዋጋ የለውም» ተብሎ ታረመ፤ ማኅተሙም ተመታ።

የቀረው የወንድምየው ነገር ነበር። የተሻረ ውክልና ወረቀቱ በተወካዩ እጅ ከቀረ ሰው ሊሳሳትበት ይችላል፤ ተከራዮቹም መሻሩን ካልሰሙ ኪራዩን ለቀድሞው ሰው መክፈላቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። እማማ የመሻሪያውን ቅጂ ይዘው ወደ ወንድማቸው ሄዱ፤ ልጅቱ አነበበችላቸው። ወንድምየው «የሠራው ሥራ የጸና ነው» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙ አሉ። ከዚያም ተነሥተው ከሣጥናቸው አሮጌውን ውክልና አወጡና ከስድስት ዓመት የኪራይ ደረሰኝ ጥራዝ ጋር ለልጅቱ አስረከቡ። የሱቁ ተከራይ ሲነገረው መጀመሪያ ማየት የፈለገው መሻሪያውን ነበር፤ አንብቦም መለሰ፤ በሳምንቱ የሁለቱን ወር ኪራይ ከፈለ፤ የቀሩት ሁለት ወራት ገና በክርክር ላይ ናቸው።